የጠፋ የሲቲ ስካን ምስል «አንብብልን» ሲሉን፦ ለምን እንደማይነበብና በምትኩ ምን መናገር እንደሚቻል

ባለፈው ጥር አጋማሽ ላይ፣ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ገደማ፣ መንዝ ውስጥ መሐል ሜዳ የምትኖረው የአጎቴ ልጅ ደወለችልኝ። አጎቴ በታኅሣሥ መጀመሪያ ገብስ ሲከምሩ ከክምሩ ላይ ወድቀው ጭንቅላታቸውን ተመትተው ነበር። በዚያን ቀን ትንሽ አዞራቸው እንጂ ሌላ ነገር ስላልተሰማቸው ሥራቸውን ቀጠሉ። ራስ ምታቱ አልለቅ ሲላቸው ከአምስት ሳምንት በኋላ አዲስ አበባ ዘመድ ዘንድ ሄደው የጭንቅላት ሲቲ ስካን ተነሡ። ውጤቱን የሚያየው ሐኪም በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ ስላላቸው ፊልሙን ይዘው ወደ አገራቸው ሲመለሱ፣ ፊልሙ አውቶቡስ ውስጥ ተረሳ። የተረፈው ልጅቷ በስልኳ አንሥታ በቴሌግራም የላከችልኝ አንድ ፎቶ ብቻ ነበር።

ያንን ፎቶ በሁለት ታካሚዎች መካከል፣ ሳላሰፋው፣ ለአፍታ አይቼው ነበር። ማታ ልከፍተው ስል ግን የለም፤ መልእክቶቹ ከአንድ ቀን በኋላ በራሳቸው እንዲጠፉ ተደርጎ ኖሯል፣ እርሷም ከስልኳ አጥፍታዋለች። «ወንድም ጋሼ፣ አንተ እኮ አይተኸዋል፤ መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ነበረበት አይደል? ደም ነው ወይስ ዕጢ? ይኼን ብቻ ንገረኝ፣ ለአባዬ ምን እንበላቸው?» አለችኝ።

እኔ ደብረ ብርሃን የምሠራ የራጅ ባለሙያ ነኝ። ምስል አነሣለሁ፤ ውጤት የሚጽፈው ራዲዮሎጂስቱ ነው። ይሁን እንጂ በየቀኑ ምስል የሚያይ ሰው ዓይኑ ይለምዳልና መልሱ ምላሴ ላይ መጥቶ ነበር። በእርግጥም መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ማየቴ ትዝ ይለኛል። ይህን የምጽፈው በሰሜን ሸዋ ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለምትሠሩና ዘመድ፣ ጎረቤት፣ የዕድር ሰው እንዲህ ብሎ ለሚደውልላችሁ ባልደረቦቼ ነው። የታማሚ ቤተሰብ የሆነ ሰውም ቢያነበው የሚጠቅመው ነገር ያገኝበታል ብዬ አምናለሁ።

በመጀመሪያ፦ ምስሉ እጃችሁ ላይ እንደሌለ በግልጽ ተናገሩ

የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ይህ መሆን አለበት፦ «ምስሉ አሁን እኔ ጋ የለም፤ ስለዚህ በውስጡ ምን እንዳለ ልነግርሽ አልችልም።» ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ብዙዎቻችን የምንሳሳተው እዚህ ላይ ነው። «እንደማስታውሰው…»፣ «አንቺ እንደምትዪው ከሆነ…» ብለን እንጀምርና ደዋዩ የመጀመሪያውን ግማሽ ይዘነጋል፣ የሚይዘው ሁለተኛውን ግማሽ ብቻ ነው። በማግሥቱ በቤተሰቡ ዘንድ የሚነገረው «እገሌ አይቶት ምንም የለውም ብሏል» የሚል ይሆናል።

ከዓመታት በፊት እኔ ራሴ ይህን ጥፋት ሠርቻለሁ። አንድ የማውቀው ሰው የደረት ራጁ ጠፍቶበት ቢጠይቀኝ፣ ከሁለት ቀን በፊት ካየሁት ትዝታ ተነሥቼ «ደህና ይመስለኛል» አልኩት። የእኔን ቃል ይዞ ሳምንታት ቆየ፤ ትዝ ያለኝ ራጅ የእርሱ ሳይሆን በዚያው ቀን ያነሣሁት የሌላ ሰው መሆኑን ያወቅሁት ግን እንደገና ተነሥቶ ሳንባው ላይ ቁስል ሲገኝ ነው። በቀን ሠላሳና አርባ ራጅ የሚያነሣ ሰው ትዝታ እንዲህ ይቀላቀላል። ቅልቅሉ ደግሞ ለባለቤቱ ለራሱ አይታወቀውም።

ለምን በትዝታና በቃል አይነበብም

ለቤተሰብ «አልችልም» ብሎ መዝጋት ብቻ አይበቃም፤ ምክንያቱን ካልነገርናቸው የደበቅናቸው ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሦስቱን ምክንያቶች አንድ በአንድ ማስረዳት ይጠቅማል፤ እኔም ለአጎቴ ልጅ ያስረዳኋት እንዲሁ ነው።

የመጀመሪያው የ«ነጭ» ነገር ጉዳይ ነው። ሲቲ ስካን እያንዳንዱን የአካል ክፍል ጨረርን በሚያስቀርበት መጠን በቁጥር ይለካዋል። የውኃ ቁጥር 0 ነው፣ የአየር ከዜሮ በታች 1000፣ የአንጎል ሥጋ ከ25 እስከ 40 ገደማ፣ ገና የፈሰሰ ደም ከ50 እስከ 70 ገደማ፣ የአጥንት ደግሞ ብዙ መቶዎችና ከዚያም በላይ ነው። ዓይናችን ይህን ሁሉ ልዩነት በአንድ ጊዜ ስለማያይ፣ አንጎልን ለማየት መሣሪያው ከ0 እስከ 80 ያለውን ብቻ ከጥቁር ወደ ነጭ እንዲዘረጋ ይደረጋል። ከ80 በላይ ያለው ሁሉ፣ አጥንትም ሆነ ጠጣር የካልሲየም ክምችት፣ እኩል ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ትኩስ ደምም ለነጭ የቀረበ ነው። አንዱን ከሌላው የሚለየው ራዲዮሎጂስቱ በዋናው ፋይል ላይ ጠቋሚውን አስቀምጦ ቁጥሩን ሲያነብና ቅርጹንና ቦታውን ሲመረምር ነው። በመስኮት ብርሃን ላይ ተይዞ በስልክ ፎቶ የተነሣ ፊልም ላይ ቁጥሩ የለም፤ ስልኩም ብርሃኑን እንደፈለገው ያደምቀዋል ወይም ያደበዝዘዋል። በማንኛውም ሰው አንጎል መካከል በተፈጥሮ ያለችው ትንሽ ዕጢና በውስጡ ባሉት የፈሳሽ ጓዳዎች ያለው ደም ሥር የበዛበት ሥጋ በአዋቂዎች ላይ ካልሲየም መያዛቸው የተለመደ ነው፤ ብዙ ጊዜም ጉዳት የላቸውም። ስለዚህ «መሐሉ ላይ ነጭ ነገር ነበረ» የሚለው ቃል በሽታን አያስረዳም፣ ጤንነትንም አያስረዳም።

ሁለተኛው የጊዜ ጉዳይ ነው፤ በአጎቴ ሁኔታ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ይህ ነበር። በራስ ቅልና በአንጎል መካከል፣ ከውጭኛው የአንጎል ሽፋን በታች የሚጠራቀም ደም ቀለሙን ይለውጣል። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከአንጎሉ ይልቅ ነጣ ብሎ በማጭድ ቅርጽ ይታያል። ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ እየጠቆረ ከአንጎሉ ቀለም ጋር ይመሳሰላል፤ በዚህ ወቅት ልምድ ያለውንም ዓይን ሊያመልጥ ይችላል። ከሦስት ሳምንት በኋላ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከአንጎሉ ይልቅ የጠቆረ ይሆናል። ልኩ ከሰው ሰው ይለያያል፤ አዲስ ደም ከአሮጌው ጋር ሲቀላቀልም ሥዕሉ ዝንጉርጉር ይሆናል። በአምስት ሳምንቱ የተነሣ ሰው ላይ ነጭ ነገር የሚፈልግ ቤተሰብ እንግዲህ ሊፈልገው የሚገባው ጥቁር ሊሆን ይችላል። «ነጭ አልነበረውም» ሲሉን «እንኳን ደስ አላችሁ» ማለታችን ወይም «ነጭ ነበረው» ሲሉን ማስደንገጣችን ሁለቱም መሠረት የላቸውም። አንጎል ዕድሜ ሲገፋ ትንሽ ስለሚሸማቀቅ በራስ ቅሉ ውስጥ ቦታ ይሰፋል፤ ደሙም ምልክት ሳያሳይ ለሳምንታት ሊጠራቀም ይችላል። አረጋውያን ከቀላል አወዳደቅ በኋላ ዘግይተው የሚታመሙት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሦስተኛው ጎኑና ቁራጩ ነው። በሲቲ ስካን ላይ ታማሚውን ከእግሩ በኩል ሆነን እንደምናይ ተደርጎ ስለሚቀመጥ፣ የታማሚው ቀኝ በእኛ ግራ ይሆናል። ፊልሙ በመስኮት ላይ ተገልብጦ ከተያዘ ግን ጎኑ ይቀያየራል፤ ይህን የምናውቀው በፊልሙ ጥግ ያለው ስምና R ወይም L የሚሉት ፊደላት ወደ ኋላ ሲነበቡ ነው። ፎቶው ከሌለ ይህን ማረጋገጥ አይቻልም። ደግሞም የአዋቂ ጭንቅላት ምስል በ5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ቢቆራረጥ 30 ገደማ ቁራጭ ይወጣዋል፤ የአጎቴ ልጅ የላከችልኝ ግን ከእነዚህ ጥቂቱን የያዘ አንድ ረድፍ ነበር። በቀሩት ውስጥ ምን እንደነበረ እኔም እርሷም አላየንም።

ቀጥሎ፦ ስለ ምስሉ ሳይሆን ስለ ሰውየው ጠይቁ

በዚያ ምሽት ከሁሉ የጠቀመው ይህ እርምጃ ነው። ሰውየው ዛሬ ሌሊት ይሂድ ወይስ እስከ ሳምንት ይቆይ የሚለውን ብዙ ጊዜ የሚወስነው ምስሉ ሳይሆን ምልክቱ ነው፤ ምልክቱን ደግሞ በስልክ መጠየቅ ይቻላል። ጭንቅላቱን ለተመታ ሰው የምጠይቃቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ራስ ምታቱ እየባሰ ነው ወይስ እንዳለ ነው? ደጋግሞ አስመልሷቸዋል? ከወትሮው ይልቅ ይተኛሉ፣ ሲቀሰቀሱስ በደንብ ይነቃሉ? ንግግራቸው ተወላግዷል፣ ነገር ይምታታባቸዋል? አንድ እጅ ወይም አንድ እግር ከብዷቸዋል? አንቀጥቅጧቸው ያውቃል? የዓይናቸው ብሌን አንዱ ከሌላው ሰፍቷል? ከአፍንጫ ወይም ከጆሮ ውኃ የመሰለ ፈሳሽ ወጥቷል? በመጨረሻም ምን መድኃኒት እንደሚወስዱ እጠይቃለሁ፤ በተለይ ዋርፋሪንና ሌሎች ደም የሚያቀጥኑ መድኃኒቶች፣ አስፕሪንም ጭምር፣ የመድማትን አደጋ ይጨምራሉ።

ጥያቄው አፍ ላይ ብቻ ከቀረ «ደህና ናቸው» የሚል መልስ ያመጣል። ስለዚህ አንድ ነገር እንዲያደርጉ መጠየቅ ይሻላል። ለአጎቴ ልጅ «ስልኩን አትዝጊው፤ አባትሽን ተነሥተው እስከ በሩ እንዲሄዱ ንገሪያቸውና የሚረግጡትን አስተውዪ» አልኳት። ጥቂት ቆይታ፣ ድምፅዋ ተለውጦ፣ «የቀኝ እግራቸው ጫማ መሬቱን ይጠርገዋል፤ እኛ እኮ እርጅና ነው ብለን ነበር» አለችኝ። ጫማውን ብታየው የቀኙ አፍንጫ ከግራው ይልቅ ተበልቷል። ከዚያም ሁለት ቀን ሙሉ እየተኙ እንደዋሉና ለቁርስ ሲጠሯቸው እንኳ ቶሎ እንደማይነቁ ጨመረችልኝ።

እዚህ ላይ የምስሉ ጥያቄ አበቃ። ማንኛውም ነጭ ወይም ጥቁር ነገር ቢኖርም ባይኖርም፣ ጭንቅላቱን ከተመታ በኋላ አንድ ጎኑ የደከመና እንቅልፍ የበዛበት ሰው በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል መሄድ አለበት። የወረዳውን አምቡላንስ እንዲጠሩ፣ ብቻቸውን እንዳይተኙ፣ ለራስ ምታቱ አስፕሪን እንዳይሰጧቸው፣ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልግ ስለሚችልም ሆስፒታሉ ሳይፈቅድ ምግብ እንዳይሰጧቸው ነገርኳት። ሐኪም ያዘዘውን ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ከሆነ፣ መድኃኒቱን ይዞ መሄድና ለሐኪሙ ማሳየት ይገባዋል፤ ይቁም ወይስ ይቀጥል የሚለውን በስልክ የምንወስነው አይደለም።

ከእነዚህ ምልክቶች አንዱም ባይኖር ኖሮ ደግሞ፣ የምነግራት ምስሉን ፈልጎ ወይም እንደገና አስነሥቶ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ለሐኪም ማሳየት እንደሚገባና፣ እስከዚያ ድረስ ከእነዚህ አንዱ ብቅ ካለ ቀጠሮ ሳይጠብቁ መሄድ እንዳለባቸው ነበር።

አጠቃላይ መረጃን ከንባብ ለይቶ መስጠት

ሰዎች ባዶ እጃቸውን መመለስ የለባቸውም። ሲቲ ስካን ምን እንደሚያሳይ፣ ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ ደም ሊጠራቀም እንደሚችል፣ እንዲህ ያለው ደም ብዙ ጊዜ በራስ ቅሉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ተበስቶ እንደሚፈስና አነስተኛ የሆነው ደግሞ በክትትል ብቻ ሊታለፍ እንደሚችል መናገር እንችላለን። እነዚህ ስለ ማንኛውም ሰው እውነት ናቸው። አደጋው ያለው አድማጩ «ብዙ ጊዜ» ያልነውን «የአባቴ» ብሎ ሲሰማው ነው። ስለዚህ አጠቃላዩን በቃል ከመናገር ይልቅ በጽሑፍ መላክ ይሻላል፤ ሌላ ዘመድ ሲጠይቃቸውም ጽሑፉን ያሳያሉ እንጂ ከራሳቸው አይጨምሩም። እኔ በዚያ ምሽት የላክሁላት መልእክት ይህ ነው፦

«የአባትሽን ምስል አሁን አላየሁም፤ የምጽፍልሽ ስለ እርሳቸው ምስል ሳይሆን ጭንቅላታቸውን ስለተመቱ አረጋውያን በአጠቃላይ ነው። ከወደቁ ከሳምንታት በኋላ በአንጎል ሽፋን ሥር ደም ሊጠራቀም ይችላል፤ ይህ በሕክምና የሚረዳ ነገር ነው። እርሳቸው ይህ ይኑርባቸው አይኑርባቸው የሚያውቀው ሙሉውን ምስል የሚያይ ሐኪም ብቻ ነው። አሁን ግን እግራቸውን ስለሚጎትቱና እንቅልፍ ስለበዛባቸው ዛሬውኑ ሆስፒታል ውሰዷቸው። ለሐኪሙ፦ የወደቁበትን ቀን፣ ሲቲ ስካን የተነሡበትን ቀንና ቦታ፣ የቀኝ እግራቸው መቼ እንደጀመራቸው ንገሩት።»

የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ትንሽ ቢመስልም ተረኛውን ሐኪም ብዙ ይረዳዋል። ከመንዝ ሌሊት ተጉዞ የደረሰ ቤተሰብ «ፎቶው ጠፋ» የሚለውን ሲተርክ ዋናውን የወደቁበትን ቀን ይረሳዋል።

የተጻፈ የራዲዮሎጂስት ሪፖርት በእጃቸው ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ ወረቀት የተነበበ ምስል ነው። በመጀመሪያ ስሙ፣ ዕድሜው፣ ቀኑና የተነሣው የአካል ክፍል የእርሳቸው መሆኑን አረጋግጡ። ከዚያም ረጅሙ ክፍል ሐኪሙ ያየውን የሚዘረዝር፣ መጨረሻ ላይ ያለው አጭር ክፍል ደግሞ ድምዳሜው መሆኑን ንገሯቸው፤ ቃላቱንም ተርጉሙላቸው። ቃሉን መተርጎም ይቻላል። «ስለዚህ ይህን ያድርጉ» ማለት ግን የላካቸው ሐኪም ሥራ ነው።

የጠፋውን መፈለግ

ብዙ ጊዜ የጠፋው ፊልሙ ወይም ፎቶው ነው እንጂ ዋናው ምስል አይደለም። ሲቲ ስካን የሚያነሡ ተቋማት ምስሉን በኮምፒውተራቸው ያስቀምጣሉ። ለስንት ጊዜ እንደሚያቆዩት ከቦታ ቦታ ስለሚለያይ ቶሎ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለመጠየቅ የሚያስፈልገው የካርድ ቁጥሩ ወይም የክፍያ ደረሰኙ፣ የተነሡበት ቀንና ስማቸው በመሣሪያው ላይ በላቲን ፊደል እንዴት እንደተጻፈ ነው። ይህ የመጨረሻው ቀላል አይደለም፤ አንድ ስም በሁለትና በሦስት ዓይነት ፊደል ስለሚጻፍ ሠራተኛው «የለም» የሚለው አንዳንዴ በሌላ ፊደል ስለፈለገ ብቻ ነው። ስሙ ካልተገኘ በቀኑና በዕድሜው እንዲፈልግ በትሕትና ይጠየቅ።

ሲያገኙት አንድ ፎቶ ሳይሆን ሙሉውን በሲዲ ወይም በፍላሽ ይቀበሉ። በውስጡ DICOMDIR የሚል ፋይልና ከእርሱ ጋር ብዙ ፋይሎች ያሉባቸው ማኅደሮች ይኖራሉ፤ አንዱን ብቻ ነጥሎ መቅዳት አይበቃም፣ ሁሉንም እንዳለ ይቀዳ። በቴሌግራም መላክ ግድ ከሆነ ማኅደሩ ተጨምቆ በFile በኩል ይላክ፤ በፎቶ በኩል የተላከ ምስል ጥራቱ ይቀንሳል። ፊልም ብቻ ካለ ደግሞ፣ ብልጭታውን አጥፍቶ በነጭ ብርሃን ፊት ይዞ በመጀመሪያ ሙሉውን፣ ቀጥሎ እያንዳንዱን ረድፍ፣ ስሙና R ወይም L የሚለው ፊደል እንዲታይ አድርጎ ማንሣት ነው። ይህም ቢሆን ለራዲዮሎጂስት ዓይን ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የዋናውን ቦታ አይተካም።

ካልተገኘ እንደገና መነሣት ነው። ቤተሰቦች ጨረሩን ይፈራሉ። የአንድ ጭንቅላት ሲቲ ስካን ጨረር 2 ሚሊሲቨርት ገደማ ሲሆን፣ ይህም ማንኛውም ሰው ከተፈጥሮ በወራት ውስጥ ከሚደርሰው ጋር የሚወዳደር ነው። ያለ ምክንያት አይደገምም፤ ምልክት ላለው አረጋዊ ግን ይህ ፍርሃት መነሣቱን ሊያስቀረው አይገባም።

አጎቴ በዚያው ሌሊት ወደ ሆስፒታል ተወሰዱ፤ ሪፈር ተጽፎላቸውም እንደገና ተነሡ። ከሦስት ቀን በኋላ አዲስ አበባ ያለው ዘመዳችን የቀድሞውን ምስል በደረሰኙ አስፈልጎ በሲዲ አመጣው፤ ራዲዮሎጂስቱም ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አነበባቸው። መሐሉ ላይ የነበረው ነጭ ነገር በአንጎል መካከል በተፈጥሮ ባለችው ትንሽ ዕጢ ውስጥ ያለ ካልሲየም ሆኖ ተገኘ፤ ምንም አልነበረም። ደሙ የነበረው በግራ በኩል፣ በራስ ቅሉ ሥር፣ ጠቆር ብሎ እንደ ማጭድ የተንጠለጠለው ነው፤ በሁለተኛው ምስል ላይ ከፊተኛው ወፍሮ ነበር። የአንጎል ግራ የሰውነትን ቀኝ ስለሚያዝ የቀኝ እግራቸውን መጎተት የነገረን ይህንኑ ነው። ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ደሙ ፈሰሰ። በዚያ ምሽት «ነጩ ካልሲየም ነው፣ አይዟችሁ» ብያት ቢሆን ኖሮ ስለ ነጩ የተናገርኩት ልክ ይሆን ነበር፤ አጎቴ ግን ሌሊቱን እዚያው ተኝተው ያድሩ ነበር።

አሁን ሁለቱም ሲዲዎች ስማቸውና ቀኑ ተጽፎባቸው በአንድ ፖስታ ውስጥ ናቸው፤ ቅጂያቸውም እኔ ጋ በፍላሽ አለ። ለክትትል ሲሄዱ የአጎቴ ልጅ ፖስታውን ከጋቢያቸው ጋር አብራ ትይዛለች።